የሽንኩርት ዋጋና ሁለቱ መስመሮች

የእኅቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በነበረችበት ወቅት፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ፈተናዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ደብተሯን ይዛ አዳማ (ናዝሬት) ወደሚገኘው ቤታችን መጣች። «ጋሼ፣ አንተ መቼም ግራፍ ታውቃለህ» ብላ አንድ ጥያቄ ፊቴ አስቀመጠች። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለፋሲካ የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ። ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል፤ ፍላጎት ሲቀንስ ደግሞ ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ዋጋው ወዲያውኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እውነት ወይስ ሐሰት?»

እርሷ «እውነት» ብላ መልሳ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ለሚያነብ ሰው ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም። ሆኖም እናቷ በዚያው ዕለት ጠዋት ከገበያ ስትመለስ ዋጋው ወደ ነበረበት እንዳልተመለሰ በምሬት ነግራናለች። በመሆኑም ወይ ገበያው ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የተደበቀውን ነገር ፈልጎ ለማግኘት አንድ ወረቀት፣ አንድ ማስመሪያና ሁለት መስመሮች በቂ ነበሩ። አንባቢም እርሳስ ይዞ እየሣለ ቢከተለን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዘንጎቹ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ መጀመሪያ የተደናቀፍኩት እዚያ ላይ ነው። በፊዚክስ ትምህርት ምክንያት የሆነውን ነገር፣ ለምሳሌ ጊዜን፣ በአግድም ዘንግ ላይ፣ ውጤቱን ደግሞ በቋሚው ዘንግ ላይ ማስቀመጥ ተለምዷል። በኢኮኖሚክስ ግን ሸማቹ ዋጋን አይቶ መጠንን ይወስናል እየተባለ፣ ዋጋው በቋሚው ዘንግ፣ መጠኑ በአግድሙ ላይ ይቀመጣል። ፈረንሳዊው ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ ዋጋን ያስቀመጠው በአግድሙ ዘንግ ላይ ነበር። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባወጣው የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ግን ዋጋን በቋሚው ላይ አደረገ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም እስከ ዛሬ እርሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ይህ ልማድ አንድ መዘዝ አለው፦ በኢኮኖሚክስ ግራፍ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ማለት መጠኑ ለዋጋ እምብዛም የማይነቃነቅ ማለት ነው፤ የተጋደመ መስመር ደግሞ ትንሽ የዋጋ ለውጥ ብዙ መጠን የሚያንቀሳቅስበት ነው። ይህን ልብ ያላለ የሳይንስ ተማሪ ግራፉን ገልብጦ ያነባል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ። በአንድ አነስተኛ የአዳማ ገበያ በቀን የሚሸጠውን ሽንኩርት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የአንድ የተወሰነ ቀን የገበያ መረጃ አይደሉም። ዋጋው በብር ለአንድ ኪሎ፣ መጠኑ በኩንታል ነው።

| ዋጋ (ብር) | ሸማቾች ሊገዙ የሚሹት (ኩንታል) | ነጋዴዎች ሊያቀርቡ የሚሹት (ኩንታል) |
|---|---|---|
| 20 | 100 | 40 |
| 30 | 90 | 60 |
| 40 | 80 | 80 |
| 50 | 70 | 100 |
| 60 | 60 | 120 |

በቀመር ሲጻፍ፣ የሚፈለገው መጠን = 120 − ዋጋ፤ የሚቀርበው መጠን = 2 × ዋጋ ነው። የአቅርቦቱ መስመር ወደ ላይ የሚወጣበት ምክንያት በዚህ አካባቢ በግልጽ ይታያል። ከመቂ፣ ከዓለም ጤናና ከባቱ (ዝዋይ) ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሞጆ ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ አዳማ፣ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይችላል። አዳማ ላይ የተሻለ ዋጋ ካለ ብዙው ጭነት ወደ አዳማ ይታጠፋል። አብቃዩም ቢሆን የደረሰ ሽንኩርቱን ዛሬ ነቅሎ ለመሸጥ ወይም ጥቂት ቀናት መሬት ውስጥ ለማቆየት የሚወስነው የዕለቱን ዋጋ በስልክ ጠይቆ ነው።

ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት በ40 ብርና በ80 ኩንታል ላይ ነው። ይህ ነጥብ ሚዛናዊ የሚባለው ሁሉም ሰው ስለተደሰተበት አይደለም። በዚያ ዋጋ ሊገዛ የፈለገ ሁሉ ስለሚያገኝ፣ ሊሸጥ የፈለገም ሁሉ ስለሚሸጥ፣ ዋጋውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚገፋ ኃይል ስለሌለ ነው። ዋጋው 60 ብር ቢሆን 120 ኩንታል ቀርቦ 60 ብቻ ይሸጣል፤ ማታ ላይ ሽንኩርቱ ያልተነካበት ነጋዴ ዋጋ መቀነሱ አይቀርም። ዋጋው 20 ብር ቢሆን ደግሞ 100 ኩንታል ተፈልጎ 40 ብቻ ይቀርባል፤ ገና ረፋዱ ላይ ሽንኩርቱ ያልቅና የዘገየው ሸማች ጨምሮም ቢሆን ለመግዛት ይለምናል።

ፋሲካ ሲደርስ ምን ይሆናል? ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ሽንኩርት ከዘወትሩ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ ሸማቾች ከቀድሞው 30 ኩንታል ጨምረው ይሻሉ እንበል። «በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ» የሚለውን ሐረግ አስምሩበት፤ የፈተናው ጥያቄ የሚፈታው በእርሱ ነው። ከሰንጠረዡ ሁለተኛው አምድ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን አምዱ በሙሉ ተለወጠ ማለት ነው፦ 130፣ 120፣ 110፣ 100፣ 90። በግራፉ ላይ የፍላጎት መስመሩ ራሱ 30 ኩንታል ወደ ቀኝ ተዛወረ። በአሮጌው 40 ብር አሁን 110 ኩንታል ይፈለጋል፤ የሚቀርበው ግን 80 ብቻ ነው። የ30 ኩንታሉ እጥረት ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዋጋው ሲወጣ አንዳንዱ ሸማች ይቀንሳል፣ ነጋዴው ደግሞ ተጨማሪ ያስመጣል፤ በ50 ብር 100 ኩንታል ተፈልጎ 100 ኩንታል ይቀርባል። እዚያ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ በፈተናው ጥያቄ ውስጥ «ፍላጎት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ወክሎ ተቀምጧል። «ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ይቀንሳል» ሲባል የተቀነሰው የሚፈለገው መጠን ነው፦ ከ110 ወደ 100፣ በአዲሱ መስመር ላይ ወደ ላይ በመውጣት። «ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይቀንሳል» ሲባል ግን የተነገረው መስመሩ በሙሉ ወደ ግራ ስለመዛወሩ ነው። ያ ደግሞ አልሆነም፤ በዓሉ ገና አላለፈም። አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም ተጠቅሞ ክብ መዞር ይቻላል፤ በግራፉ ላይ ግን በመስመር ላይ መንቀሳቀስና የመስመር መንቀሳቀስ ለዓይን ስለሚለያዩ ማጭበርበሪያ የለም። መልሱ «ሐሰት» ነው።

የእኅቴ ልጅ ይህን ከተቀበለች በኋላ አንድ ጥሩ ጥያቄ አነሣች፦ «ታዲያ እማዬ ቅዳሜ ዕለት የገዛችው ከዚህ በላይ ውድ የሆነው ለምንድን ነው?»

በዋዜማው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ያው በጠዋት የገባው ብቻ ነው። አሁን ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ተጨማሪ ጭነት ከመቂ ሊደርስ አይችልም፤ ቢረክስም የመጣው ተመልሶ አይጫንም። ስለዚህ ለዚያች ከሰዓት የአቅርቦቱ መስመር ወደ ላይ የሚወጣ ሳይሆን በ80 ኩንታል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የበዓሉ ፍላጎት 150 − ዋጋ ስለሆነ፣ መጠኑ 80 ላይ ሲታሰር ዋጋው 70 ብር ይደርሳል። ለጭነት መኪናዎች ሁለትና ሦስት ቀን ቢሰጣቸው 50 ብር፣ ምንም ጊዜ ባይሰጣቸው 70 ብር ማለት ነው። አንድ ገበያ፣ አንድ የፍላጎት መስመር፣ ሁለት የአቅርቦት መስመሮች። «የአቅርቦት መስመሩን ሣሉ» ለሚል መምህር መልሱ «በምን ያህል ጊዜ ውስጥ?» የሚል ነው። ማርሻልም ይህን በዓሣ ገበያ ምሳሌ አስረድቶታል፦ በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ዓሣ የተጠመደው ያው ነው፤ በረዘመ ጊዜ ግን ዓሣ አጥማጁም ጀልባውም ሊጨምሩ ይችላሉ።

ከቀናት ወደ ወራት ስንሻገር ደግሞ ነገሩ የፊዚክስ ሰው የሆንኩትን እኔን ይበልጥ የሚማርክ ሆኖ ይገኛል። ሽንኩርት በችግኝ መደብ ላይ አንድ ወር ተኩል ያህል፣ ተዛውሮ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት «አዳማ ሬድ»ና «ቦምቤይ ሬድ» የተባሉት ዝርያዎችም ቢሆኑ ከዘር እስከ ነቀላ አምስት ወር ገደማ ይፈልጋሉ። በመቂ ወይም በቆቃ ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተር የያዘ አብቃይ ዘር ሲዘራ የሚያውቀው የዚያን ዕለት ዋጋ ነው፤ የሚሸጠው ግን ከአምስት ወር በኋላ በሚኖረው ዋጋ ነው። አሁን ያለው ዋጋ የሚወስነው የሚቀጥለውን ወቅት መጠን ነው።

ያንኑ ሰንጠረዥ ይህን መዘግየት ጨምረን እንደገና እናስላው። ከመደበኛው 40 ብርና 80 ኩንታል ተነሥተን፣ በአንድ ወቅት ዝናብ ጥቂት ችግኝ አበላሽቶ ምርቱ በቀን ወደ 75 ኩንታል ዝቅ አለ እንበል። ዋጋው 120 − 75 = 45 ብር ይሆናል። አብቃዮቹ ሁሉ 45 ብር ይቀጥላል ብለው ቢተክሉ በሚቀጥለው ወቅት 2 × 45 = 90 ኩንታል ይወጣል፤ ዋጋው ወደ 30 ብር ይወርዳል። በ30 ብር የተከፉት በሚቀጥለው 60 ኩንታል ብቻ ያመርታሉ፤ ዋጋው ወደ 60 ብር ይዘላል። 60 ብር ያየ ሁሉ መሬት ተከራይቶ ሲተክል ደግሞ 120 ኩንታል ይወጣል። 120 − 120 ዜሮ ነው።

ትንሿ የ5 ኩንታል ጉድለት በአራተኛው ወቅት ገበያውን ዜሮ አደረሰችው። ጉድለቱና ትርፉ በየወቅቱ እጥፍ እየሆነ ሄዷል፦ ከ80 በ5 ያነሰ፣ በ10 የበለጠ፣ በ20 ያነሰ፣ በ40 የበለጠ። እጥፍ የሆነበት ምክንያት በዚህ ምሳሌ አንድ ብር የዋጋ ለውጥ አቅርቦቱን በ2 ኩንታል፣ ፍላጎቱን ግን በ1 ኩንታል ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ ነው። ነጥቦቹን በግራፉ ላይ በቅደም ተከተል ብናገናኛቸው የሸረሪት ድር የሚመስል እየሰፋ የሚሄድ ጥምዝ ይወጣል። ካልዶር የተባለው ኢኮኖሚስት በ1934 ስሙን ከዚሁ አወጣለት፤ ሞርዴካይ ኢዝኪኤል ደግሞ በ1938 ንድፈ ሐሳቡን በዝርዝር ጻፈው። ሙቅ ውኃው ዘግይቶ በሚደርስበት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧውን አንዴ ከመጠን በላይ ከፍቶ፣ አንዴ ከመጠን በላይ ዘግቶ የተቃጠለና የበረደው ሰው ይህን ሥርዓት በቆዳው ያውቀዋል።

በስሌቱ የወጣው ዜሮ ግን በአዳማ ገበያ ላይ አይታይም፤ የከተማ ሰው ሽንኩርት በነጻ አግኝቶ አያውቅም። ዜሮው የሚታየው ማሳው ላይ ነው። ለነቀላ ሠራተኛ፣ ለጆንያ፣ ለመኪናና ለደላላ በድምሩ በኪሎ 12 ብር ይወጣል ብለን ብናስብ፣ አዳማ ላይ ዋጋው 12 ብር ሲደርስ ለአብቃዩ የሚቀረው ምንም ነው። በ12 ብር ከተማው 108 ኩንታል ይገዛል፤ ከ120ው ቀሪው 12 ኩንታል ሳይነቀል እርሻው ላይ ይቀራል። ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ወጥቷል፤ በነቀላው ዕለት የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ የሚወጣው ብቻ ነው። መቂ አጠገብ ከብት የተሰማራበት የደረሰ የሽንኩርት ማሳ አይቼ ባለቤቱን ለምን እንዳልነቀለው ስጠይቀው፣ «ብነቅለው ዕዳዬ ይጨምራል» ነበር ያለኝ። ስንፍና የመሰለኝ ነገር ትክክለኛ ሒሳብ ነበር።

ይህ ምሳሌ እውነተኛውን ገበያ አጋንኖ እንደሚያሳይ መካድ አይቻልም። አብቃይ ሁሉ የትናንቱን ዋጋ ብቻ አይቶ አይተክልም፤ የከረመ ልምድ አለው። እያንዳንዱ አብቃይ የቀድሞ ግምቱንና የአሁኑን ዋጋ አደባልቆ አማካዩን ቢወስድስ? የቀድሞ ግምቱ 40፣ የታየው ዋጋ 45 ከሆነ አዲሱ ግምት 42.50 ይሆናል፤ 85 ኩንታል ይመረታል፤ ዋጋው 35 ይሆናል። ቀጥሎ የ42.50ና የ35 አማካይ 38.75 ነው፤ 77.5 ኩንታል፣ 42.50 ብር። ከዚያ 38.75 ብር። ዋጋው አሁንም ይወዛወዛል፤ ነገር ግን እንደ ተወዛዋዥ ሰዓት ፔንዱለም በሰበቃ እየቀነሰ ወደ 40 ይጠጋል። መስመሮቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሰዎቹ ከዋጋ የሚማሩበት መንገድ ብቻ ነው። ሆኖም ልምዱ ያለው ሁሉ አቅሙ የለውም። በ30 ብር ወቅት የከሰረው በሚቀጥለው ወቅት ዋጋ እንደሚወጣ ቢገምትም ለዘርና ለነዳጅ የሚሆን ገንዘብ ስለሌለው አይተክልም፤ በ60 ብር ወቅት ደግሞ ሽንኩርት ተክሎ የማያውቅ ባለገንዘብ ሁሉ መሬት ሊከራይ ይመጣል። ውዝዋዜው ቶሎ የማይሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ፈተናው ልመለስና፣ የእኅቴ ልጅ ደብተር ላይ የነበረው የመጨረሻ ጥያቄ ሁለት ነጥቦች ብቻ የያዘ ግራፍ ነበር፦ 80 ኩንታል በ40 ብር፣ 100 ኩንታል በ50 ብር። «ዋጋ ሲጨምር ሰዎች ብዙ ይገዛሉ ማለት ነውን?» ይላል። ሁለቱ ነጥቦች የፋሲካችን ነጥቦች ናቸው፤ የተዛወረው ፍላጎቱ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር የአቅርቦት መስመር ነው። በአንጻሩ የሸረሪት ድሩን ነጥቦች፣ 75 በ45፣ 90 በ30፣ 60 በ60፣ ብናስቀምጣቸው ሁሉም በአንድ ወደ ታች በሚወርድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። በየወቅቱ የተለዋወጠው የምርቱ መጠን ስለሆነ፣ ገበያው ሳያውቀው የፍላጎት መስመሩን ሣለልን። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ሲሆን ነጥቦቹ የሚስሉት ሌላውን፣ የቆመውን ነው። ኢ. ጄ. ዎርኪንግ የተባለ አሜሪካዊ በ1927 በዘመኑ ከመረጃ የሚሳሉትን የፍላጎት መስመሮች የተቸው በዚሁ ነጥብ ነበር።

«ሁለቱም ቢንቀሳቀሱስ?» አለችኝ። ፋሲካ ምርቱ በተትረፈረፈበት ወቅት ዋለ፤ ፍላጎቱ በ30፣ አቅርቦቱም በእያንዳንዱ ዋጋ በ30 ጨመረ ብለን አሰላነው። 150 − ዋጋ = 2 × ዋጋ + 30። ዋጋው 40 ብር፣ መጠኑ 110 ኩንታል ወጣ። አሮጌውን ነጥብና አዲሱን አገናኘችና ማስመሪያውን አነሣች፤ መስመሩ ፍጹም አግድም ነው። ወረቀቱን ጥቂት ተመልክታ በጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ፍላጎትም አይደለም፣ አቅርቦትም አይደለም» ብላ ጻፈችበት።